ጥያቄና መልስ፦ እጅ መታጠብን በ30 ሰከንድ አኒሜሽን

ታደሰ፦ ለጤና ዘመቻ አኒሜሽን የምትጽፉ ጠይቁ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ እጅ መታጠብ፣ 30 ሰከንድ፣ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ምስሉ የተጻፈበት ስክሪፕት። ከመላካችሁ በፊት ስቶፕዎች ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በልብ ማንበብ አይቆጠርም።

ናትናኤል፦ ጋሽ ታደሰ፣ ስንት ቃል ይገባል? የኔ 71 ቃል ነው፣ ተራኪው ግን ፈጣን ነው።

ታደሰ፦ በዝቷል። ረጋ ብሎ የሚነገር አማርኛ በሰከንድ ከአንድ ቃል ተኩል ብዙም አያልፍም። ያለ ዕረፍት ብታወራ እንኳ ወደ 45 ቃል ነው። ደግሞ ያለ ዕረፍት ማውራት የለብህም። ሰውየው እንዲማር የምትፈልገው የእጅ እንቅስቃሴ ነው፤ ተራኪው ሲሮጥ ተመልካቹ ቃሉን ለማሳደድ ይሞክርና እጁን ማየት ይተዋል። 25 ቃል ላይ ለመድረስ ሞክር። አጠረብኝ የምትለው ያኔ ነው ልክ የሚሆነው።

ቤዛ፦ ምስሉና ድምፁ ምን ያህል መመሳሰል አለባቸው? እኔ ተራኪው «አውራ ጣታችንን እንሽ» ሲል አውራ ጣት ነው የማሳየው።

ታደሰ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። አውራ ጣቱ እየታየ ነው። ታዲያ ድምፁ ለምን ይደግመዋል? ድምፁ መናገር ያለበት ስዕሉ ሊያሳይ የማይችለውን ነው። ብዙ ሰው አውራ ጣቱን እንደሚረሳ በስዕል ማሳየት ከባድ ነው፤ በአራት ቃል ግን ይነገራል።

ሌላው ዋናው ነገር ጊዜው ነው። በሳሙና ማሸት ቢያንስ 20 ሰከንድ ይፈጃል። የማያቸው ስክሪፕቶች አብዛኞቹ እጅ መታጠቡን በ4 ሰከንድ ጨርሰው የቀረውን ጀርም ሲሸሽ ያሳያሉ። በቃል «20 ሰከንድ» ይላሉ፣ በዓይን 4 ሰከንድ ያስተምራሉ። ሰው የሚይዘው ያየውን ነው። እኔ የምለው፣ 30 ሰከንድ ካላችሁ 20ውን በሙሉ ለማሸቱ ስጡት፣ ሳትቆርጡ፣ በእውነተኛ ጊዜ። ያኔ ተመልካቹ ከፊልሙ ጋር አብሮ ሊያሽ ይችላል።

ይኸው የምሠራበት ናሙና፦

| ሰከንድ | ምስል | ድምፅ |
|---|---|---|
| 0–3 | ልጅቷ ከመጸዳጃ ቤት ወጥታ ኳስ ልታነሳ ትጎነበሳለች፤ እጇ ኳሱ ሳይደርስ ይቆማል | «ቆዪ፣ እጅሽስ?» |
| 3–5 | ሁለት እጅ በቅርብ፤ ውሃ ከላይ ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ሳሙና ይነሳል | «ውሃ፣ ከዚያ ሳሙና።» |
| 5–9 | መዳፍ ለመዳፍ፤ አረፋ ይጀምራል | «ንጹህ ቢመስልም፣ ጀርም አይታይም።» |
| 9–13 | አንዱ መዳፍ በሌላው እጅ ጀርባ ላይ፣ ጣት በጣት መሃል እየገባ፤ እጅ ይቀያየራል | (የመታሸት ድምፅ ብቻ) |
| 13–18 | አውራ ጣት በሌላው እጅ ተጨብጦ ይዞራል፤ ከዚያ ሁለተኛው | «ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል።» |
| 18–23 | የጣት ጫፎች መዳፍ ላይ ይፈተጋሉ፣ በሁለቱም እጅ | «ምግብ የሚነካው ጫፉ ነው።» |
| 23–25 | አረፋው እጁን በሙሉ ሸፍኗል፤ ማሸቱ ይቀጥላል | «አሁን ይለቅለቅ።» |
| 25–28 | ውሃ ከላይ፤ አረፋው ተጠርጎ ይወርዳል | (የውሃ ድምፅ) |
| 28–30 | እጅ በንጹህ ጨርቅ ይደርቃል፤ ኳሱ ይነሳል | «ከመጸዳጃ በኋላ፣ ሁሌም።» |

ቃሉ በሙሉ 22 ነው። ከ5ኛው እስከ 25ኛው ሰከንድ ማሸት ብቻ ነው። ምስሉ ከድምፁ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይቅደም፤ ዓይን አውራ ጣቱን አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል ቃሉ ይደርስለታል። ድምፁ ከቀደመ ተመልካቹ የሌለ ነገር ይፈልጋል።

ዮናስ፦ 20 ሰከንድ ማሸት አይሰለችም? አኒሜተሩስ ይሄን ሁሉ ስዕል ማን ይከፍለዋል?

ታደሰ፦ ስዕሉ የምታስበውን ያህል አይበዛም። በሰከንድ 24 ፍሬም ብትሠራና አንዱን ስዕል ለሁለት ፍሬም ብትይዝ፣ አንድ ሰከንድ 12 ስዕል ነው። የመዳፉን ማሸት አንድ ሰከንድ ስለህ እያዞርክ ትደግመዋለህ። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ ዙር ይበቃል፣ የግራና የቀኙን ገልብጠህ ትጠቀማለህ። አረፋው ግን አይደገም፤ ከዙር ዙር ይጨምር። እንዳይሰለች የሚያደርገው እሱ ነው፣ ዓይን የሚያድግ ነገር ይከተላል። አረፋው ካልጨመረ ሰው ፊልሙ የተቆራረጠ ይመስለዋል።

ኪሩቤል፦ ስክሪፕት እንዴት ነው የሚጻፈው?

ታደሰ፦ የትኛው ክፍል? እንዲህ ሰፊ ከሆነ ልመልሰው አልችልም። ከላይ ያለውን ሠንጠረዥ እይና የቸገረህን ለይተህ ጠይቅ።

ሜሮን፦ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ነው የሚለው። 30 ሰከንድ ፊልም ስህተት ማስተማር አይሆንም?

ታደሰ፦ እሱ ከማርጠብ እስከ ማድረቅ ያለው ሙሉ ጊዜ ነው፤ 20 የምለው ማሸቱን ብቻ ነው። የኔ ፊልም ማርጠቡን፣ ማለቅለቁንና ማድረቁን ያሳጥራል፣ ማሸቱን አይነካም።

ሜሮን፦ ገባኝ፣ ግን የጣቶቹን ጀርባ ትተውታል። በድርጅቱ ፖስተር ላይ ጣቶች ተቆላልፈው ጀርባቸው በተቃራኒው መዳፍ ይታሻል።

ታደሰ፦ አዎ፣ ትቼዋለሁ። ለጤና ባለሙያ ሥልጠና ቢሆን አልተወውም። ለሰፊው ሕዝብ በ20 ሰከንድ አራት እንቅስቃሴ ነው የማምነው፤ አምስተኛው ሲገባ እያንዳንዱ አራት ሰከንድ ይሆንና አውራ ጣቱ ይጣደፋል።

ሜሮን፦ እኔ አልተዋጠልኝም። እንደ ባለሙያ የጎደለ ቅደም ተከተል ለሕዝብ ማሳየት ይከብደኛል።

ሰሎሜ፦ ጀርሞቹን አረንጓዴ፣ ዓይንና ጥርስ ያላቸው አድርገን ሥለናል። ልጆች ወደዷቸው። ጥሩ ነው አይደል?

ታደሰ፦ መውደዳቸው ነው ችግሩ። ልጁ ጀርሙ ሲሞት ያዝንለታል፣ ወይ ተመልሶ እንዲመጣ ይፈልጋል። የትልቅ ሰው ችግር ደግሞ ሌላ ነው፤ የቆሸሸ እጅ አረንጓዴ ነገር አለው ብሎ ይይዛል፣ የራሱ እጅ ላይ ስለማያየው ንጹህ ነኝ ይላል። ሦስተኛው ከሁሉም ይብሳል። ጀርሙ አረፋ እንደነካው «ፑፍ» ብሎ ይጠፋል። ይሄ ሳሙናው ራሱ ሥራውን ይጨርሳል፣ ማሸት አያስፈልግም ማለት ነው። ሳሙና በዋናነት ቆሻሻውንና ጀርሙን ከቆዳ ያላቅቃል፣ ማሸቱ ይፈነቅለዋል፣ ውሃው ይወስደዋል። የግድ ካላችሁ ጀርሙን ዓይን የሌለው ተራ ነጥብ አድርጉት፣ ከመዳፉ ቶሎ፣ ከአውራ ጣቱና ከጣት ጫፎቹ ዘግይቶ ይልቀቅ፣ ፈጽሞ የሚሄደው ግን ሲለቀለቅ ብቻ ይሁን።

ናትናኤል፦ ጋሼ፣ 38 ቃል አድርሼዋለሁ። ይሆናል?

ታደሰ፦ ስቶፕዎች ይዘህ ጮክ ብለህ አንብበኸዋል? አንብበህ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ንገረኝ። የቃል ብዛት ሁለተኛ ጊዜ አልመልስም።

ሃና፦ እኔ እጄ ከመታጠብ ብዛት ይሰነጠቃል፣ ምን ይሻለኛል?

ታደሰ፦ ይሄ ስክሪፕት አይደለም እህቴ። ሐኪም አማክሪ።

ሜሮን፦ ሃናዬ፣ ታጥበሽ እንዳደረቅሽ ቅባት ተቀቢ፤ ሙቅ ውሃ ከሆነ ደግሞ ቀዝቃዛ አድርጊው፣ ቀዝቃዛውም በሳሙና ያጸዳል። ካልተሻለሽ ግን ታዪ።

ዮናስ፦ አሠሪዎቻችን መጨረሻ ላይ 5 ሰከንድ አርማ ይፈልጋሉ። ደግሞ «ከምግብ በፊት» እና «ሕፃን ካጸዱ በኋላ» የሚሉትንም አስገቡ ብለውናል።

ታደሰ፦ አርማውን ከ25ኛው ሰከንድ ጀምሮ ጥግ ላይ በትንሹ አስቀምጡላቸው፣ ከማሸቱ ላይ እንዳትቆርጡ። ሌሎቹን ቅጽበቶች በተመለከተ፣ አንድ ፊልም አንድ ቅጽበት። ሦስቱንም መጨረሻ ላይ በጽሑፍ ብትደረድሩ ማንም አያነብም። ሦስት ፊልም ሥሩ፤ ከ3ኛው እስከ 28ኛው ሰከንድ ያለው ያው ነው፣ የሚለወጠው መክፈቻውና መዝጊያው ብቻ ነው። ድጋሚ ልበል፣ አንድ ፊልም አንድ ቅጽበት።

ቤዛ፦ «ውሃ ከላይ ይወርዳል» ብለው ቧንቧውን ያልሳሉት ለምንድን ነው?

ታደሰ፦ ሆን ብዬ ነው። ቧንቧ ከሳልኩ ቧንቧ የሌለው ሰው «ይሄ እኔን አይመለከትም» ይላል። ጆግ ከሳልኩ ሌላው እንደዚያው ይላል። የውሃው ምንጭ ከፍሬም ውጭ ሲሆን ሁሉም የራሱን ያስባል። የሚታየው ውሃው ወራጅ መሆኑ ነው፤ እጅ የተነከረበት ሳህን በፍጹም አትሣሉ።

ሰሎሜ፦ እኔ አልስማማም። ውሃ የሚቸግረው ሰው የሚጠይቀው «ከየት አምጥቼ፣ ማን እያፈሰሰልኝ?» ነው። በእግር ተረግጦ የሚያዘነብለውን ጀሪካን ብናሳየው መልስ ያገኛል። ደብቀነው ግን ሁሉም የራሱን ያስባል ማለት ከበድ ያለውን ነገር መዝለል ነው።

ዮናስ፦ ቧንቧ ከሆነስ በታጠበ እጅ ተመልሶ መዝጋቱ? እሱም አለ።

ሜሮን፦ ፖስተሩ ላይ በደረቀበት ፎጣ ነው የሚዘጋው።

ታደሰ፦ ጀሪካኑ እንዴት እንደሚሠራ ማሳየት ራሱን የቻለ 30 ሰከንድ ነው ሰሎሜ፣ ከዚህ ጋር ከደባለቅሽው ማሸቱ ያልቃል።

ሰሎሜ፦ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚከፍል ሰው ቢመጣ እኔ የጀሪካኑን እመርጣለሁ።

ናትናኤል፦ 38ቱ 34 ሰከንድ ፈጁ።

ታደሰ፦ ታዲያ ተራኪህ ፈጣን አይደለም። ስዕሉ የሚያሳየውን የሚደግሙትን መስመሮች ሰርዝ፣ ሌላው ይስተካከላል።

ቤዛ፦ ፊልሙ መሥራቱን ሳያልቅ በፊት እንዴት እናውቃለን?

ታደሰ፦ ሙሉ አኒሜሽኑን አትጠብቁ። ስቶሪቦርዱን ከድምፁ ጋር በየሰከንዱ ደርድሩ፣ አኒማቲክ ይበቃል። መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ አንዴ አሳዩ፤ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ያለ ቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ ድምፁ ዝግ ነው። ከዚያ «ገባችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም አዎ ይላል። «ያያችሁትን በእጃችሁ አሳዩኝ» በሉ። አውራ ጣታቸውን ጨብጠው ካዞሩ 13ኛው ሰከንድ ሠርቷል። ካላዞሩት እንቅስቃሴው ፈጥኗል፣ ወይ ሌላው እጅ ጣቱን ከልሎታል። ስዕሉን ትንሽ ወደ ጎን አዙሩትና ለሌላ ሰው አሳዩ፤ አንዴ ያየ ሰው ሁለተኛ አይፈተንበትም።