ለሲኒማቶግራፈር የሚሰጥ ሙድ ቦርድ

«ሰላም ቤተሰብ፤ ጎጃም ውስጥ አጭር ፊልም ልሠራ ነው። ለሲኒማቶግራፈሩ 80 ፎቶ ሰብስቤ ላክሁለት። ‹ያምራል፣ ግን ምን እንደፈለግሽ አልገባኝም› አለኝ። ሙድ ቦርድና የቀለም ፓሌት እንዴት ነው የሚዘጋጀው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ 80ውን ወደ 15 አውርጂው። ከዚያ እያንዳንዱ ፎቶ ስር ለምን እንደገባ አንድ መስመር ጻፊ። አንቺ ግድግዳውን ወደሽ የላክሽውን ፎቶ እሱ ሌንሱን ወይም የብርሃኑን አቅጣጫ ሊያይበት ይችላል። «የምፈልገው በበሩ የሚገባውን ብርሃን ነው፤ ቀለሙን ተወው» ካልሽው ይገላገላል።

ቡሬ አካባቢ የሠራነውን ላንሳልሽ። ታሪኩ ግማሹ ኑግ ሲያብብ ማሳ ላይ፣ ግማሹ ማታ ጎጆ ውስጥ ነው። ትዕይንቶቹ በሚቀረጹበት ሰዓት ቦታው ላይ ሄደን ፎቶ አነሳን። የካሜራውን የብርሃን ቀለም ማስተካከያ፣ ዋይት ባላንሱን፣ ከአውቶ አውጥተን 5600 ኬልቪን ላይ አቆምነው። አውቶ ላይ ከተተወ ካሜራው በራሱ እያስተካከለ የኩራዙን ሙቀት ይቀንስብሻል። ነበልባሉ 1900 ኬልቪን ገደማ ስለሆነ 5600 ላይ ቤቱ ሁሉ ብርቱካናማ ይሆናል። በአውቶና በ5600 የተነሱትን ጎን ለጎን ለሲኒማቶግራፈራችን አሳየነው። «መሃሉን ነው የምትፈልጉት፤ 3200 እንሞክር» አለ። «ትንሽ ሞቅ ይበል» እየተባለ የሚኬድበት ጭቅጭቅ በዚሁ ቀረ።

ፓሌቱ ላይ ብዙ ሰው እኩል እኩል አምስት ሳጥን ይደረድራል። ያ የትኛው ቀለም እንደሚበዛ አይናገርም። እኛ ስፋቱን እንደ መጠኑ አደረግነው። የጎጆው ገጽ ላይ ጥላሸት የመሰለው ቡናማ ከግማሽ በላይ ያዘ፣ ቀጥሎ የጭቃው ቀለም፣ የነጠላው ነጭ ቀጭን መስመር ብቻ። ማሳው ላይ ቢጫውና አረንጓዴው ሰፊ ነው። አባትየው የለመደውን አረንጓዴ ሸሚዝና ቁምጣ ለብሶ ከማሳው ጋር እንዲዋሃድ፣ ልጅቷ ደግሞ በደበዘዘ ቀይ ቀሚስ እንድትለይ ፈለግን። ስለዚህ ፓሌቱ ለአልባሳት ክፍሉም ተሰጠ። ካሜራው ፊት ያልቀረበ ቀለም በኋላ በኤዲቲንግ ይመጣል ብለሽ አትጠብቂ፣ አጉል ድካም ነው።

ነጩን ለብቻው ፈትሹት። ጨለማ ቤት ውስጥ የሰው ፊት እንዲታይ ተብሎ ኤክስፖዠር ሲከፈት አዲስ ነጠላ ይቃጠላል፤ የሽመናው ክር ጠፍቶ ወረቀት ይመስላል። ደጋግሞ የታጠበና ወደ ክሬም ያደላ ነጠላ ነው ያዳነን። በቃል ከምትስማሙ ግን እዚያው ኩራዙ አጠገብ ሙከራ ቅረጹ።

ገጾቹን በስክሪፕቱ ቅደም ተከተል አድርጊያቸው፤ ለውጡ ከትዕይንት ወደ ትዕይንት የሚታየው ያኔ ነው።

ስትልኪ ፒዲኤፍ አድርገሽ በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኪው። እንደ ፎቶ ከላክሽው ይጨመቃል፣ ጨለማ ቦታዎቹም ይበላሻሉ። ከተቻለ አንድ ስክሪን ላይ አብራችሁ እዩት፤ የስልኩ የማታ ሞድ በርቶ ከሆነ ሁሉም ነገር ቢጫ ስለሚመስል አስቀድመሽ አጥፊው።