«ጫናው ከጫናው ያንሳል»

የምህንድስና ሪፖርት ወደ አማርኛ ለምትመልሱ ወጣቶች፣

ደሴ ዳገት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። የሥራ ዘመኔ አብዛኛው ያለፈው በድጋፍ ግንብ ነው። የአፈር ምርመራውና ስሌቱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ገንዘብ የሚፈቅደው ኮሚቴና ሥራውን የሚመራው ፎርማን ግን የሚያነቡት አማርኛውን ነው። ስለዚህ የእናንተ ጽሑፍ ላይ የጎደለ ነገር ግንቡም ላይ ሊጎድል ይችላል።

አንድ ጊዜ ከጦሳ ተራራ ሥር ለሚሠራ ግንብ የተዘጋጀ ትርጉም እንዳየው ተሰጠኝ። አማርኛው ያምራል። መሀል ላይ ግን «ጫናው 165 kPa ነው፤ ጫናው 200 kPa ስለሆነ ችግር የለም» ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። የትኛው ጫና ከየትኛው እንደሚያንስ የገባኝ እንግሊዝኛውን ሳየው ነው። 200 አፈሩ እንዲሸከም የተፈቀደለት መጠን ነው። 165 ደግሞ ግንቡ አፈሩ ላይ የሚያሳርፈው ነው። አንዱ አቅም፣ ሌላው ሸክም። ሁለቱ ቦታ ቢቀያየሩ ግንቡ ሊሰጥም ወይም ሊያዘነብል ይችላል።

በሌላ ገጽ ደግሞ ተቃራኒው ስህተት አለ። ከኋላ ያለው አፈር ግንቡን የሚገፋበት ኃይል አንዴ «ግፊት»፣ አንዴ «ጭነት»፣ አንዴ «ተጽዕኖ» ተብሏል። ተርጓሚውን አልወቅሰውም። ትምህርት ቤት ድርሰት ስንጽፍ «ቃል አትደጋግሙ» ተብለን ነው ያደግነው። ሪፖርት ላይ ግን ቃሉ ሲቀየር አንባቢው ነገሩም የተቀየረ ይመስለዋል። ፎርማኑ «ይሄ ደግሞ ሌላ ጭነት ነው እንዴ?» ቢል እውነት አለው።

አብረን ቁጭ ብለን አስተካከልነው። «የመሸከም አቅም» የአፈሩ ሆነ። «የመሠረት ግፊት» ግንቡ ወደ ታች የሚያሳርፈው። «የጎን ግፊት» ከኋላ የሚመጣው። «ጭነት» ላዩ ላይ ለሚቆመው መኪናና ዕቃ ብቻ ቀረ። «ጫና» የሚለውን ከነጭራሹ አወጣነው። ቃላቱን ከመጀመሪያው ገጽ በፊት በወረቀት ጻፏቸው። አጠገባቸውም የማትጠቀሙበትን ቃል ጻፉ፤ እጃችሁን የሚይዘው እሱ ነው። ፌሮን ፌሮ፣ ስታፋን ስታፋ በሉት። ሳይቱ ላይ ማንም በሌላ ስም አይጠራቸውም።

ኮዱ ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የዚያው ግንብ ኮንክሪት C25/30 ነበር። ትርጉሙ ላይ «ሲ-25» ሆኖ ገባ። ትንሽ ነገር ይመስላል። በአዲሱ አጻጻፍ 25 በሲሊንደር፣ 30 በኪዩብ ሲፈተን የሚጠበቀው ጥንካሬ ነው፤ መለኪያው MPa ነው። በቀድሞው የአገራችን የኮንክሪት ደንብ፣ በEBCS 2, 1995 ግን C-25 ማለት በኪዩብ 25 ነው። ይህ በአዲሱ C20/25 ይሆናል። በድሮው የሠለጠነ ፎርማን «ሲ-25»ን ሲያይ የሚያዘጋጀው ይህንኑ ዝቅ ያለውን ነው። ኪዩቡ ተጨፍልቆ 26 ቢያመጣ «አብሽሩ፣ አልፏል» ይላል። ዲዛይኑ የጠየቀው ግን 30 ነበር። አንዲት ሰያፍ መስመርና ሁለት አኃዝ ስለጠፉ ይህ ሁሉ ሆነ። እንደ ዕድል ሆኖ ኮንክሪቱ ሳይሞላ ደረስንበት።

ኮዱን ከነነጥቡና ከነሰረዙ እንዳለ ቅዱት። በአዲሱ የኮንክሪት ደንብ ስም፣ ES EN 1992-1-1:2015 ውስጥ 1992 ዓመተ ምሕረት አይደለም፤ የሰነዱ ቁጥር ነው። 2015 ዓመት ነው፤ ግን የስሙ አካል ስለሆነ ወደ እኛ አቆጣጠር አይመለስም። «ዓ.ም.» የሚል ከኋላው እንዳትጨምሩ።

መለኪያውንም በፊደላችን አታሳጥሩት። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። MPa እና mPa መካከል ያለው ልዩነት ቢሊዮን እጥፍ ነው። «ሜ.ፓ.» ብትሉ ደግሞ «ሜ» ሜትርም ናት። ምልክቱን በላቲን ተዉትና መጀመሪያ በመጣበት ቦታ አንዴ በአማርኛ አብራሩት። እኔ ለኮሚቴው የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ «200 kPa ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 20 ቶን ያህል ክብደት ሲያርፍ ነው።» ከዚያ በኋላ ባለው ገጽ ሁሉ kPa ብቻ። ቁጥሩና ምልክቱ በመስመር መጨረሻ ላይ እንዳይለያዩም ተመልከቱ።

ሲያልቅ አማርኛውን ወዲያው አታንብቡ። መጀመሪያ ቁጥሮችንና ኮዶችን ብቻ ከሁለቱም ጽሑፍ እየለቀማችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ። በእንግሊዝኛው C25/30 አምስት ቦታ ካለ፣ በአማርኛውም አምስት ቦታ መገኘት አለበት። አራት ከሆነ የጎደለውን ገጽ ፈልጉ። ከዚያ ሪፖርቱን ላላየ ግንበኛ ወይም ፎርማን አንድ ገጽ ስጡትና «አፈሩ ስንት ይችላል? ግንቡ ስንት ያሳርፍበታል?» ብላችሁ ጠይቁት። ከተደናገረ ቃሉን ቀይሩ፤ ስትቀይሩ ግን በሁሉም ገጽ ይሁን።