የሰኞ ጥቅስ አሽሙር ሲሆን

ጥያቄ፦ «ሰላም ቤተሰብ። የቢሯችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሰኞ ሰኞ የማነቃቂያ ጥቅስ የመለጠፉ ነገር ለኔ ተሰጠ። ‹አንቺ ጨዋታ ታውቂያለሽ› ተብዬ ነው። ‹ትችላለህ፣ ተነስ› የሚለው ሁሉንም ሰልችቶታል። በራሴ ላይ የምቀልድበት አስቂኝ ነገር ልጽፍ አሰብኩ፤ ግን አንዱ ቅር ይለዋል ብዬ ፈራሁ። የሞከራችሁ አላችሁ?»

እህቴ፣ እኔ ሞክሬያለሁ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ፍርሃትሽም ልክ ነው። እኔ በራሴ ላይ ቀልጄ የሥራ ባልደረባዬ ሦስት ሳምንት አኩርፋኛለች።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ ነበር፤ በጀት የሚዘጋበት ወር። የግንቦት የባንክ ሪኮንሲሌሽን፣ የኛን መዝገብ ከባንኩ ጋር የማመሳከሩን ሥራ፣ ሳልጨርስ ሰኔ ተጋመሰ። ኃላፊው በየቀኑ ይጠይቀኛል። ሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆኜ በስንፍናዬ እየሳቅኩ ግሩፑ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ያልቸኮለ ግን እስካሁን ሪፖርቱን አላስገባም።»

ሰው ሳቀ። ከግዢ ክፍል አንዲት ልጅ ብቻ «እሺ» ብላ ጻፈች። «እሺ» ብቻ። ያን ቀን አልገባኝም። ለካ እሷም የግዢ ደረሰኝ ሰነዶቿን ለሂሳብ ክፍል ሳታስረክብ ሦስት ቀን አልፏታል። እኔ ስለራሴ ነው የጻፍኩት። እሷ ያነበበችው ግን ሂሳብ ክፍል በ34 ሰው ፊት ነገር ሲወረውርባት ነው። ቡና ላይ «ነገርህ ገብቶኛል» አለችኝ። ምን እንደገባት ለማወቅ ራሱ ጊዜ ፈጀብኝ።

በኋላ ጥቅሱን ደግሜ ሳነበው እውነቷን ነው። «ያልቸኮለ» ማነው? ስሜ የለም። «እኔ» የሚል የለም። የኛ ሰው ደግሞ ባለቤት የሌለው ንግግር ሲያይ ባለቤት ይፈልግለታል። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ብለን ያደግን ሰዎች ነን። ተረትና ምሳሌ ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰው የሚላክ ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜም ይላካል። ፊት ለፊት ብናገረው ኖሮ ፊቴን አይታ ትስቅ ነበር። ስልክ ላይ ፊት የለም። የሚቀረው ቃሉና የአንባቢው ሕሊና ነው። አሽሙር የሚወለደው እዚያ መሃል ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምነግርሽ የግሡን ነገር ነው። አማርኛ ግሡ ላይ ሰውየውን ይለጥፋል። «ትዘገያለህ» ብለሽ ብትጽፊ ወንዶቹን ነካሽ፤ «ትዘገያለሽ» ብትይ ሴቶቹን። ግሩፑ ውስጥ «እርስዎ» የሚባሉ ጋሼዎች ካሉ ደግሞ ለእነሱ ሁለቱም ድፍረት ነው። በጨዋታ ላይ «ትነሳለህ፣ ትሮጣለህ፣ ባሱ ያመልጥሃል» ብለን ስለራሳችን እናወራለን፤ ድምፃችን ያስተረጉመዋል። በጽሑፍ ግን ትእዛዝ ወይም ወቀሳ ይመስላል። «እኛ ሰነፎች» ማለትም አያዋጣም። ሰው ሳይጠየቅ ስንፍናሽ ውስጥ አብሮ መመዝገብ አይፈልግም። «አንዳንድ ሰው» የሚለውንማ ተዪው፤ እሱ ዓይን ያወጣ አሽሙር ነው።

የሚቀርሽ «እኔ» ነው። «እኔ»ም ብቻዋን አትበቃም። ያንቺ ብቻ የሆነ ትንሽ እቃ፣ ቀን ወይም ቦታ ጨምሪበት። የኔ ጥቅስ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ትስቅ ነበር፦ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። እኔ ግን አልቸኮልኩም፤ የግንቦት ሪኮንሲሌሽን ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ ተኝቷል።» ግዢ ክፍል ሪኮንሲሌሽን የሚሠራ የለም። ጣቱ ወደ እኔ ብቻ ነው የሚያመለክተው።

አሠራሩ ይኼው ነው ማለት ይቻላል። ሁሉም የሚያውቀውን ተረት ትጀምሪያለሽ፣ ሰው መጨረሻውን ሲጠብቅ ወደ ራስሽ ትንሽ ውድቀት ትታጠፊያለሽ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ሦስተኛ ከጨመርሽ ማብራራት ጀመርሽ ማለት ነው። እኛ ቢሮ የተሳካልኝን ልስጥሽ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የኔው ገና መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው።»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል። እኔ እስካሁን ያሰርኩት የቻርጀሬን ገመድ ነው፤ እሱንም መፍታት አቅቶኛል።»

«ሰኔና ሰኞ ሲገጥም ጉድ ነው ይባላል። ለኔ ሰኞ ብቻውን ይበቃኛል።»

«ፋይሌን ‹የመጨረሻ› ብዬ አስቀመጥኩት። አሁን ‹የመጨረሻ 7› ላይ ነኝ። ተስፋ አልቆርጥም።»

የመጨረሻዋ ተረት የላትም፤ ግን ከሁሉም በላይ የተሳቀባት እሷ ናት። የሳምንቱን ሙሉ መልስ «እኔ 11 ላይ ነኝ» «እኔ ‹እውነተኛው የመጨረሻ› ላይ ነኝ» የሚል ሞላው። ልብ በዪ፣ ማንንም አልጠራሁም፤ ሰዎቹ በፈቃዳቸው ገቡ። ጥሩ የራስ ቀልድ ይኼ ምልክት አለው፦ ሰው «እኔም» ብሎ ይመጣል። መልሱ «አዎ አንተማ ሰነፍ ነህ» እየሆነ ከመጣ ግን ርዕሱን ቀይሪ። ሁለት ሦስት ሳምንት ስለ መዘግየትሽ ብቻ ከቀለድሽ ዘግይታ የምትመጣዋ ሴትዮ ተብለሽ ትቀሪያለሽ። የሥራ አፈጻጸም ሲሞላ ደግሞ ቀልዱን ማን እንደሚያስታውሰው አይታወቅም።

አንድ ተንኮለኛ ወጥመድ አለ። እኔ ራሴ ገብቼበታለሁ። በራስ ላይ የሚቀለድ የሚመስል፣ ውስጡ ግን ስሞታ የሆነ ጥቅስ። «ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። ለኔ ግን ሸክም፤ 50ውንም ብቻዬን ነው የተሸከምኩት።» ሲታይ ያስቃል፣ ስለራሴ ነው፣ «እኔ»ም አለበት። ግን 49 ሰው ሰነፍ ነው ማለቴ ነው። ያን ሰሞን በሥራ ክፍፍል ተናድጄ ነበር፤ ንዴቴን በሳቅ ጠቅልዬ ላክሁት። ተረቱ ሰም፣ ንዴቱ ወርቅ። ሰው ደግሞ ወርቁን ለማግኘት አይቸገርም። አሁን ከመላኬ በፊት አንድ ነገር ራሴን እጠይቃለሁ፦ ይኼን ስጽፍ ማን ነው ፊቴ ላይ የመጣው? ከራሴ ሌላ ሰው ከመጣ አልልከውም። የሥራ ክፍፍል ቅሬታ ካለኝ ኃላፊው ቢሮ እገባለሁ።

ሌላው የሚያስከፋው በመጠን የሚለካ ነገር ነው። አንዷ ባልደረባችን «70 ኪሎ ገባሁ፣ ከነገ ጀምሮ ደረጃ ብቻ!» ብላ ጻፈች። ስለራሷ ነው፣ ማንንም አልነካችም። ግን ግሩፑ ውስጥ ከ90 በላይ የሆኑ አሉ። እሷ 70ን አሳፋሪ ካደረገችው እነሱ ምን ሊሆኑ ነው? ዕድሜም እንደዚያው። በ31 ዓመቷ «ቆሜ ቀረሁ» ብላ የምትስቅ ልጅ አጠገቧ ያለችውን የ40 ዓመት ያላገባች ሴት ነው የምታቆስለው። ስለዚህ ውፍረት፣ ዕድሜ፣ ጋብቻ፣ ልጅ መውለድ ላይ እኔ አልቀልድም፤ በራሴም ላይ ቢሆን። ጾምና ሃይማኖትም እንደዚያው፤ ስለዚህ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ገመድ፣ ፋይል፣ አላርም፣ ታክሲ፣ የጠፋ እስክሪብቶ፦ እነዚህ ማንንም አያስለቅሱም።

ደሞዝ ትንሽ ይለያል። «አገሬ የ13 ወር ጸጋ፣ ደሞዜ የ12» የምትለዋን ጳጉሜን በመጣ ቁጥር እለጥፋታለሁ፤ ሁሌም ትሠራለች። ምክንያቱም የጳጉሜን አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴም ስድስት ቀን፣ ሁላችንንም እኩል ነው የሚያስጠብቀን። «ኪሴ ባዶ ነው፣ ምሳ የሚጋብዘኝ ጀግና!» ግን ከማን እንደሚመጣ ይወሰናል። እኛ ግሩፕ ውስጥ የጽዳት ሠራተኞችና ጥበቃዎችም አሉ። አንድ ኃላፊ በመኪናው መጥቶ ይህን ሲጽፍ የሳቁት እኩዮቹ ብቻ ነበሩ። ስለ ማርፈድም ያው ነው። አለቃ «ዛሬም አላርሙ አሸነፈኝ» ሲል ቀልድ ነው፤ ጥበቃው ቢያረፍድ ግን ከደሞዙ ይቆረጣል። አንቺ በምትስቂበት ጥፋት ሌላው የሚቀጣ ከሆነ ቀልዱ አይቀልለውም።

ሰዓቱንም እዪ። ጥቅሱን ከመለጠፍሽ በፊት ወደ ላይ ትንሽ ገልብጪ። እሁድ ማታ የለቅሶ ማስታወቂያ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ «ነፍስ ይማር» ሃያ ጊዜ ተደርድሮ። ከሥሩ የእንቁላል ቀልድ ስታስገቢ አስቢው። እኔ ቢያንስ ሠልስት እስኪያልፍ ዝም እላለሁ፤ ያ ሳምንት ጥቅስ የለውም፣ ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ ቀድመሽ ጽፈሽ በራሱ እንዲላክ አታድርጊ፤ እኔ አንዴ አድርጌው ነበር፣ አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል።

በዚህ ሁሉ ጥንቃቄም ቢሆን አንድ ቀን ትሳሳቻለሽ። ምልክቱን ላሳይሽ። ሁልጊዜ «ሃሃሃ» የሚል ሰው «እሺ» ወይም «አመሰግናለሁ» ካለ፣ ወይም አንዱ «ማንን ነው?» ብሎ ከጠየቀ፣ ነገሩ ባለቤት አግኝቷል። በውስጥ መስመር «ለኔ ነው?» ብሎ የሚጠይቅሽ ካለ ዕድለኛ ነሽ፤ ብዙው አይጠይቅም።

እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት ጥቅሱን መሰረዝ ነበር። ያ ባሰ። ከተሰረዘማ እውነት ለሷ ነበር ማለት ነው፤ እሷም እንደዚያ ነው የተረዳችው። ግሩፑ ላይ «ማንንም ለማለት አይደለም» ብዬ ብጽፍማ ያላወቀው ሁሉ ማንን ይሆን ብሎ ይፈልግ ነበር። በመጨረሻ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የሪኮንሲሌሽን ፋይሌን ይዤ ጠረጴዛዋ ድረስ ሄድኩ። «ይኼውልሽ፣ ያልቸኮለው ሰውዬ ይኼ ነው» አልኳት። ፋይሉን ገልጣ ባዶ ዓምዶቹን አየች። «ግንቦት ነው እንዴ ገና?» አለች። ከዚያ ሳቀች። ሰነዶቿን ያን ቀን ከሰዓት አመጣችልኝ።

የሚቀጥለው ሰኞ ጥቅሱን የጻፈችው እሷ ናት፦ «ሂሳብ ክፍል ግንቦት ላይ ነው። እኔ ግን ከግዢ ክፍል ነኝ፤ የት እንዳለሁ ራሴም አላውቅም።» እኔን አስፈቅዳ ነው የለጠፈችው። ሌላ ሰው ላይ የተቀለደ አንድ ጥቅስ እኛ ግሩፕ ላይ ያለፈው ያ ብቻ ነው።