ብሩ ባይኖራችሁም ፋይል አድርጉ

ጳጉሜን 5 አመሻሽ ላይ፣ አሌክሳንድርያ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ልጅ ደወለልኝ። በማግስቱ እንቁጣጣሽ ስለነበር እንኳን አደረሰህ ሊለኝ መስሎኝ ነበር። ድምፁ ግን ልክ አልነበረም። «ጋሼ፣ የ2024 ታክሴን እስካሁን ፋይል አላደረግኩም። ዛሬ ልላከው ወይስ ኦክቶበርን ልጠብቅ?» አለኝ። ኤክስቴንሽን፣ ማለት የማስገቢያ ጊዜ ማራዘሚያ፣ ጠይቀህ ነበር ወይ አልኩት። አልጠየቀም። ታዲያ ለምን ቆየህ ስለው የመለሰልኝ፣ ታክስ በመጣ ቁጥር ከሰው አፍ የምሰማውን ነው፦ «ስድስት ሺህ ዶላር እንደሚመጣብኝ አውቄ ነበር። ብሩ ግን አልነበረኝም። ሳልከፍል ፋይል ባደርግ ራሴን በገዛ እጄ ማሳጣት መሰለኝ።»

እባካችሁ ይህን ሐሳብ ከጭንቅላታችሁ አውጡት። ልጁን ያስቀጣው ብሩን ማጣቱ አይደለም፣ ወረቀቱን አለማስገባቱ ነው። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በራሱ ቁጥር ላሳያችሁ። የምናገረው ስለ አሜሪካ የፌዴራል ታክስ ነው፤ ክፍለ ግዛቶቹ የየራሳቸው ቅጣት አላቸው፣ እሱን ለብቻው ጠይቁ።

ልጁ ድሮ ሆቴል ሲሠራ ታክሱ ከደመወዙ ላይ እየተቆረጠ ስለሚሄድ በየዓመቱ ተመላሽ ያገኝ ነበር። በ2024 ሆቴሉን ትቶ በራሱ መኪና ሰው ማመላለስ ጀመረ። ከዚህ ገቢ ላይ ማንም ታክስ አይቆርጥም። የቤንዚኑንና የመኪናውን ወጪ ሁሉ ካነሳ በኋላ የመጣበት 6,000 ዶላር ነው። የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 15, 2025 ነበር። ያኔ ሰሞነ ሕማማት ነው፣ ማክሰኞ። ፋሲካ ይለፍ አለ፣ ከዚያ ክረምቱ ይለፍ አለ፣ ጳጉሜን ደረሰ።

ቀኑ ካለፈ በኋላ ሦስት ነገር ለየብቻው ይቆጥራል። አንደኛው ፋይል ባለማድረግ የሚመጣ ቅጣት ነው፦ ካልተከፈለው ታክስ ላይ በወር 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ድረስ። ሁለተኛው ባለመክፈል የሚመጣ ቅጣት ነው፦ በወር ግማሽ በመቶ ብቻ። ሦስተኛው ወለድ ነው፣ እሱ በቀን ይቆጥራል። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ጋር አስተያዩት። አሥር እጥፍ ነው! ሰው የሚፈራው ግን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነው።

ሁለቱ ቅጣቶች በአንድ ወር ሲገናኙ 5.5 አይሆኑም። ግማሿ በመቶ ከአምስቱ ላይ ትቀነስና 4.5 በመቶ ፋይል ባለማድረግ፣ 0.5 በመቶ ባለመክፈል ይሆናል፤ ድምሩ 5 ነው። በአምስት ወር ፋይል ያለማድረጉ ቅጣት ጣሪያውን ይነካና ይቆማል። ያለመክፈሉ ግን ዕዳው እስኪያልቅ፣ ወይም እሱም በራሱ 25 በመቶ እስኪሞላ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ወሩ ባይሞላም እንደ ሙሉ ወር ይቆጠራል። ወሩም ከወር መባቻ ሳይሆን ከ15ኛው ቀን ነው የሚነሳው። ልጁ ሜይ 15 ፋይል አድርጎ ቢሆን የአንድ ወር ቅጣት ነበር። ሜይ 16 ቢያደርግ ሁለተኛው ወር ገብቷል፣ የአንድ ቀን ልዩነት 300 ዶላር ማለት ነው። እንግዲህ የዘገየ ሰው ካላችሁ፣ «በዚህ ወር መጨረሻ» አትበሉ። ከ15ኛው በፊት ጨርሱት።

ወደ ልጁ እንመለስ። ሴፕቴምበር 10 ላይ አምስተኛው ወር ገና አላለቀም፣ ግን ተጀምሯልና ሙሉ ሆኖ ይቆጠራል። ከ6,000 ላይ 22.5 በመቶ 1,350 ዶላር ነው፣ ይህ ፋይል ባለማድረጉ። 2.5 በመቶ ደግሞ 150 ዶላር ነው፣ ይህ ባለመክፈሉ። ድምር 1,500።

አሁን ወለዱ። የአሜሪካው ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ አይ አር ኤስ፣ በየሩብ ዓመቱ መጠኑን ያወጣል፤ ለግለሰብ የሚሠላው የፌዴራሉን የአጭር ጊዜ ወለድ ወስዶ 3 የመቶኛ ነጥብ በመጨመር ነው። በ2025 ዓመቱን ሙሉ 7 በመቶ ነበር። 7 በመቶ የዓመት ነው፣ የወር አይደለም። ለ365 ሲካፈል በ6,000 ዶላር ላይ በቀን አንድ ዶላር ከ15 ሳንቲም ይመጣል። በማግስቱ ወለዱ የሚታሰበው በ6,000 ላይ ሳይሆን በ6,001.15 ላይ ነው፣ እንደዚያ እያለ በየቀኑ በራሱ ላይ ይደራረባል። ከኤፕሪል 15 እስከ ሴፕቴምበር 10 ድረስ 148 ቀን ነው። ስልካችሁ ካልኩሌተር ላይ እንዲህ አድርጋችሁ ማየት ትችላላችሁ፦

```
6000 × (1 + 0.07/365)^148 = 6172.72
```

ወለዱ 172 ዶላር ከ72 ሳንቲም ነው። በዚህ አላለቀም። ፋይል ባለማድረግ በመጣው ቅጣት ላይም ወለድ አለ፣ የሚታሰበውም ደብዳቤው ከመጣበት ቀን ሳይሆን ከኤፕሪል 15 ጀምሮ ነው። በ1,350 ላይ በዚያው 148 ቀን 38 ዶላር ከ86 ይመጣል። ባለመክፈል የመጣችው 150 ዶላር ግን ወለድ የምትወልደው፣ ክፈል የሚል ደብዳቤ ደርሶት ሳይከፍል ከቀረ ነው።

እንግዲህ 6,000 የነበረው 7,711 ዶላር ከ58 ሳንቲም ሆነ።

አሁን ደግሞ ያው ልጅ፣ ያው ባዶ ኪስ ይዞ፣ ኤፕሪል 15 ላይ ፋይል አድርጎ ቢሆን ኖሮ ብላችሁ አስቡት። አንዲት ዶላር አልከፈለም፣ ወረቀቱን ብቻ ላከ። ሴፕቴምበር 10 ላይ ሙሉውን ሲከፍል ተጨማሪው 150 ዶላር ቅጣትና 172.72 ወለድ፣ በድምሩ 322.72 ይሆን ነበር። ልዩነቱ 1,388 ዶላር ከ86 ሳንቲም ነው። ይህን ስነግረው ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፣ ምን ይባላል?

ወረቀቱን ማዘጋጀት ካልደረሰላችሁ ፎርም 4868 አለ፣ ኤክስቴንሽን የሚባለው። ኦንላይን በነፃ ይሞላል። እስከ ኦክቶበር 15 ጊዜ ይሰጣችኋል፤ ልጁም ይህን አድርጎ ቢሆን ሴፕቴምበር ላይ ፋይል በማድረጉ ያ 1,350 ባልነካው ነበር። «ኦክቶበርን ልጠብቅ?» ያለው ሰምቶ ነው፣ ግን ያ ቀን የሚሠራው ኤፕሪል ላይ ለጠየቀ ሰው ነው። ደግሞም ኤክስቴንሽን ወረቀት የማስገቢያ ጊዜ እንጂ የመክፈያ ጊዜ አይደለም። ወለዱና የግማሽ በመቶዋ ቅጣት ከኤፕሪል 15 ጀምሮ ይቆጥራሉ።

«ሰኔ ላይ ሁለት ሺህ ብሰጣቸው ይቀልልኝ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ወለዱና ግማሿ በመቶ ይቀንሱለት ነበር። የአምስቱ በመቶ ግን የሚሰላው ቀኑ ባለፈበት ዕለት ባልተከፈለው ታክስ ላይ ስለሆነ፣ ሰኔ ላይ የሰጠው ሁለት ሺህ አይነካውም። እሱን የሚያቆመው ፋይል ማድረግ ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሽም ብር ካላችሁ ከኤፕሪል 15 በፊት ክፈሉ።

ዕዳዬ ትንሽ ናት ብላችሁ የምትዘናጉም አትዘናጉ። ከ60 ቀን በላይ ከዘገየ ዝቅተኛ ቅጣት የሚባል አለ፤ በ2025 መግባት ለነበረበት ፋይል 510 ዶላር ወይም ሙሉው የታክስ ዕዳ፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። 400 ዶላር ያለባት እህት ሦስት ወር ብትዘገይ ቅጣቷ ሌላ 400 ነው፣ ዕዳዋ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ልጁን በዚያው ማታ ፋይል አስደረግኩት። 6,000ውን በክረምቱ ሠርቶ አጠራቅሞ ነበርና በዚያው ዕለት ከፈለ። ባይኖረው ኖሮ የክፍያ ስምምነት እንጠይቅ ነበር። እስከ 180 ቀን የሚሆነው የአጭር ጊዜው ማስጀመሪያ ክፍያ እንኳን የለውም። ከዚያ የረዘመው በየወሩ የሚከፈለው ነው። በጊዜው ፋይል ላደረገ ሰው ይህ የወር ስምምነት እስካለ ድረስ ያቺ ግማሽ በመቶ ወደ ሩብ በመቶ ትወርዳለች፤ ለዘገየ ሰው ግን አትወርድም።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። ላይኛው ጥግ ላይ CP14 ይላል። ብዙ ሰው ይህን ፖስታ ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ክፈቱት። ቅጣቶቹን ለየብቻ ዘርዝሮ፣ ወለዱን ለብቻው አድርጎ ያሳያል፣ በእጃችሁ ካሰላችሁት ጋር አመሳክሩ። በዓመቱ ውስጥ በየሩቡ ባለመክፈል የሚመጣ ሌላ ቅጣትም ሊኖርበት ይችላል፣ እሱ ሌላ ሒሳብ ነው።

ደብዳቤው ላይ ያለውን ስልክ አብረን ደወልን። ረጅም ጊዜ አስጠበቁን። የጠየቅነው ለመጀመሪያ ጊዜ ላጠፋ ሰው የሚሰጠውን የቅጣት ምሕረት ነው። ያለፉትን ሦስት ዓመታት በሙሉ ፋይል ያደረገና ቅጣት ያልነበረበት ሰው ይሰጠዋል፤ ታመምኩ፣ ቤተሰብ ሞተብኝ የሚል ምክንያት ማቅረብ አያስፈልግም። ልጁ በሆቴሉ ዘመን መዝገቡ ንጹሕ ነበር። ይህን ምሕረት ዕዳውን ከፍላችሁ ስትጨርሱ ብትጠይቁ ይሻላል፣ ምክንያቱም ዕዳው ካለ ግማሿ በመቶ ከምሕረቱ በኋላም መቁጠሯን ትቀጥላለች። ሁለቱም ቅጣቶች ተነሱለት፣ 1,500ው። በቅጣቱ ላይ የተቆለለው 38 ዶላርም አብሮ ወደቀ። በታክሱ ላይ የመጣው የ172 ዶላር ወለድ ግን ምሕረት አያውቅም፣ ከነጥቂት ጭማሪው ከፈለው።

ምሕረቱን አሁን ስለተጠቀመበት፣ በመጪዎቹ ሦስት ዓመታት ቢዘገይ ይህ በር ዝግ ነው። ስለዚህ ስልኩ ላይ አንድ ማስታወሻ አስያዝኩት፤ በየዓመቱ ኤፕሪል 10 ላይ ይጮኻል፦ «ፎርም 4868»።