የተሳሳተው አማራጭ ከየት ይምጣ? ለጀማሪ የሒሳብ መምህራን

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

የምርጫ ጥያቄ ስታወጡ ጥያቄውና ትክክለኛው መልስ ቶሎ ይመጣሉ። ላብ የሚያስወጣው የቀሩትን ሦስት አማራጮች መሙላት ነው። ፈተናው ነገ ከሆነማ እጅ ወደ ቀላሉ ይሄዳል፤ አንድ የማይመስል ቁጥር፣ አንድ ከአየር ላይ የተለቀመ ቁጥር፣ «መ» ላይ ደግሞ «መልሱ አልተሰጠም» ይጻፍና ያልቃል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ተማሪው ምን እንደገባው አይነግራችሁም፤ የባሰው ደግሞ ምን እንዳልገባው ይደብቅባችኋል። ነገሩን በአንድ ርዕስ ላይ ላሳያችሁ፦ በ5ኛና በ6ኛ ክፍል የአስርዮሽ ቁጥሮችን ማወዳደር።

«ከሚከተሉት ትልቁ የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ አለ እንበል፤ አማራጮቹም 0.62፣ 0.21፣ 0.15 እና 0.04 ናቸው። ጥያቄው ምንም ጉድለት ያለበት አይመስልም። ነገር ግን ነጥቧን ጭራሽ ያላያት ልጅ ምን እንደሚያደርግ አስቡ። 62፣ 21፣ 15፣ 4 ብሎ ያነብና 62ን ይመርጣል። ልክ ሆነ! ሁሉም ቁጥሮች ከነጥብ በኋላ እኩል አሃዝ ስላላቸው አስርዮሽ የማያውቀውም የሚያውቀውም አንድ መልስ ላይ ተገናኙ።

ይህ ልጅ ዝም ብሎ አልገመተም። ከነጥብ በኋላ ያለውን እንደ ሙሉ ቁጥር ማንበብ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲሠራለት የኖረ ሐሳብ ነው፤ አሃዙ የበዛ ቁጥር ሁልጊዜ ይበልጥ ነበርና። ገንዘብም ይህንኑ ያጠናክርበታል። 3.50 ሲያይ «ሦስት ብር ከሃምሳ» ብሎ ስለሚያነብ ነጥቧ ብርን ከሳንቲም የምትለይ አጥር ብቻ ትመስለዋለች። የዋጋ ጽሑፍ ላይ ሁልጊዜ ሁለት አሃዝ ስለሚጻፍ ሐሳቡ የሚከሽፍበት ቀን አይመጣም።

ይህን ያወቀ መምህር አሃዞቹን አበላልጦ 0.4፣ 0.35 እና 0.125 ያቀርባል። አሁን ያ ልጅ 125 ከሁሉም ይበልጣል ብሎ 0.125ን ስለሚመርጥ ተለየ። ግን ሌላ ዓይነት ልጅ በጓሮ በር ገባ። «አስረኛ ከመቶኛ ይበልጣል፣ መቶኛም ከሺኛ» ተብሎ ተምሮ፣ ነገሩን ከልክ በላይ አስፍቶ «አሃዙ ያነሰ ቁጥር ሁሉ ይበልጣል» ያለ ልጅ አለ። አንዳንዱ ደግሞ ከክፍልፋይ ጋር ያምታታውና 0.4ን አንድ አራተኛ፣ 0.35ን አንድ ሠላሳ አምስተኛ አድርጎ ያያል። ሁለቱም 0.4ን ይመርጣሉ፤ መልሱ ደግሞ 0.4 ነው። በተሳሳተ መንገድ ትክክል ላይ የደረሰ ልጅ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው፤ ነጥብ ስላገኘ ማንም ተመልሶ አያየውም።

ስለዚህ አማራጮቹን 0.62፣ 0.5፣ 0.389 እና 0.09 አድርጓቸው። እያንዳንዱን አስተሳሰብ ይዛችሁ በአራቱም ላይ ሂዱበት። እንደ ሙሉ ቁጥር የሚያነበው 0.389 ላይ ያርፋል። «አሃዙ ያነሰ ይበልጣል» የሚለው 0.5 ላይ። «ዜሮ ዋጋ የለውም» ብሎ 0.09ን እንደ 0.9 የሚያየው 0.09 ላይ። 0.62 ላይ ከእነዚህ መንገዶች አንዱም አይደርስም። የዚህ ሥራ ዋናው ፍተሻ ይህ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ስህተቶች አንድ አማራጭ ላይ መውደቅ የለባቸውም፣ የትኛውም ስህተት ደግሞ ትክክለኛው መልስ ላይ መውደቅ የለበትም። የተሟላ ነው ማለቴ አይደለም። ለምሳሌ ከነጥብ ቀጥሎ የሚመጣ ዜሮ ቁጥሩን እንደሚያሳንስ ተምሮ በቀረው እንደ ሙሉ ቁጥር የሚያስብ ልጅም 0.389ን ስለሚመርጥ ከመጀመሪያው ልጅ አይለይም። እሱን ለመለየት ሌላ ጥያቄ ያስፈልጋል።

ስህተቶቹን ከራሳችሁ ጭንቅላት አታውጡ። እናንተ ርዕሱን ስለምታውቁት የምትገምቱት ስህተት የእናንተ እንጂ የልጆቹ አይደለም። ጥያቄውን መጀመሪያ ያለ ምርጫ ስጡ፤ አራቱን ቁጥሮች ከትልቅ ወደ ትንሽ አስቀምጡ በሉና ከሥሩ «ለምን?» የሚል አንድ መስመር ተዉ። የአንድ ክፍል ወረቀት ይበቃል። ከዚያ ወረቀቶቹን በመልሱ ሳይሆን በምክንያቱ ክመሩ። ተመሳሳይ መልስ የሰጡ ልጆች ሁለት ክምር ውስጥ ሲገቡ ታያላችሁ። ምክንያቱ ካልገባችሁ ልጁን ጠርታችሁ «እንዴት እንዳሰብከው ንገረኝ» በሉት እንጂ አታርሙት፤ ካረማችሁት ማስረዳቱን ትቶ ፊታችሁን ማንበብ ይጀምራል። ሁለት ክምር ብቻ ከወጣላችሁ ሁለት የተሳሳቱ አማራጮች ጻፉና በሦስት ምርጫ ተዉት። ለአራተኛው ቦታ ብላችሁ ማንም የማይመርጠውን አታስገቡ።

ፈተናው ከታረመ በኋላ እያንዳንዱን አማራጭ ስንት ልጅ እንደመረጠ ቁጠሩ። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል 27ቱ 0.62ን፣ 21ዱ 0.389ን፣ 9ኙ 0.5ን፣ 3ቱ 0.09ን መረጡ እንበል። ከመቶ አምስት እጅ ያልደረሰ አማራጭ ሥራ አልሠራም ማለት የተለመደ ነው፤ እዚህ 0.09 ድንበሩ ላይ ቆሟል። በሌላ ክፍል ሞክራችሁ አሁንም የሚመርጠው ከሌለ አውጡት። ቀጥሎ በጠቅላላ ውጤታቸው ከላይ 16 ልጆችንና ከታች 16 ልጆችን ለዩ፤ ይህም ከ60ው 27 በመቶ ገደማ ነው። የተሳሳተ አማራጭ ከታችኞቹ ብዙ፣ ከላይኞቹ ጥቂት መሳብ አለበት። ጎበዞቹን የሳበ እንደሆነ አማራጩ «ጥሩ አሳሳች» ነው ብላችሁ አትደሰቱ። መጀመሪያ የመልስ ቁልፉን፣ ቀጥሎ የጥያቄውን አነጋገር መርምሩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ያን ስህተት ያስተማረው የእኛው ትምህርት ሊሆን ይችላል።

0.389ን የመረጡትን 21 ልጆች ምን እናድርጋቸው? ብዙ መምህር «ዜሮ ጨምራችሁ አሃዙን እኩል አድርጉ» የሚለውን ዘዴ ይሰጣል፤ 0.620፣ 0.500፣ 0.389። ውጤቱ ወዲያው ይሻሻላል። ነገር ግን ልጁ አሁን 620ን ከ389 ጋር እንደ ሙሉ ቁጥር እያወዳደረ ነው፤ የድሮው አስተሳሰብ ሳይነካ ልክ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ይልቅ 10 በ10 የሆነ የ100 ካሬ ሥዕል ስጡት። ለ0.62 62 ካሬ፣ ለ0.5 50 ካሬ ይቀባል፤ 0.389 ግን 39 ካሬ እንኳ ሳይሞላ ሲቀር በዓይኑ ያያል።

በአንድ ጥያቄ ብቻ በልጁ ላይ አትፍረዱ፤ አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ በግምት 0.389ን የመምረጥ ዕድል ከአራት አንድ ነውና። ተመሳሳይ ጥያቄ በሌላ መልክ ጨምሩ። «ትንሹ የትኛው ነው?» ብላችሁ 0.7፣ 0.32 እና 0.516ን ስጡ። መልሱ 0.32 ነው፤ እንደ ሙሉ ቁጥር የሚያነበው 0.7ን፣ «አሃዙ ያነሰ ይበልጣል» ባዩ 0.516ን ይመርጣል። በሁለቱም ጥያቄዎች በአንድ መንገድ የሄደ ልጅ ካገኛችሁ ስህተቱ የድንገት እንዳልሆነ መተማመን ትችላላችሁ።

ጥያቄውን ለከርሞ ስታስቀምጡ ከመልሱ ጎን እያንዳንዱ የተሳሳተ አማራጭ የትኛውን አስተሳሰብ እንደሚያሳይ በአንድ ሐረግ ጻፉ፤ ቁጥሮቹን የሚቀይር ባልደረባ ያን ሐረግ ካላየ 0.5ን በ0.55 ተክቶ ጥያቄውን ሳያውቅ ያበላሸዋል።