የተሸጠ ኮል ኦፕሽን ዴልታ በቀን ስንት ጊዜ ይስተካከል?

«በቀን አንዴ የማስተካክለውን ዴልታ አራቴ ባደርገው ትርፌ ይሻሻላል?»

ትርፍዎ አይጨምርም፤ የሚቀንሰው የውጤቱ መዋዠቅ ብቻ ነው። ዴልታ የአክሲዮኑ ዋጋ ሲንቀሳቀስ የኦፕሽኑ ዋጋ ምን ያህል እንደሚከተለው ይለካል፤ የሚያስተካክሉትም ለመከላከያ የያዙትን አክሲዮን በመግዛት ወይም በመሸጥ ነው። አክሲዮኑም የስምምነት ዋጋውም 100 ዶላር፣ ዓመታዊ ቮላቲሊቲው 20 በመቶ፣ ወለዱ ዜሮ ቢሆን፣ የሦስት ወር ኮል ወደ 4 ዶላር ይሸጣል። በቀን አንዴ ሲያስተካክሉ ውጤትዎ ወደ ላይም ወደ ታችም በ0.44 ዶላር ገደማ ይዋዥቃል፤ ስህተቱ የሚቀንሰው በድግግሞሹ ካሬ ሥር ልክ ስለሆነ፣ አራቴ ሲያደርጉት ወደ 0.22 ይወርዳል። ወጪው ግን በዚያው ካሬ ሥር ያድጋል፤ በእያንዳንዱ ግዢና ሽያጭ 0.05 በመቶ ቢከፍሉ፣ ከ0.12 ወደ 0.24 ዶላር ገደማ ይደርሳል። መዋዠቁ አንዳንዴ ለእርስዎ ያደላል፣ ወጪው ግን መቼም አያደላም። እኔ ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ ዴልታው ካስቀመጥኩት ወሰን ሲወጣ ብቻ አስተካክላለሁ፤ ማብቂያው ቀርቦ ዋጋው 100 አጠገብ ሲዋልል ግን ዴልታው ስለሚዘል፣ ወሰኑ ራሱ በየደቂቃው ያስገበያያል።