ኮዱን ለሐሰተኛ «ድጋፍ ሰጪ» ከሰጡ በኋላ

ጥያቄ፦ «ከፌስቡክ ድጋፍ ክፍል ነን፣ ገጽዎ ሊዘጋ ነው የሚል መልእክት በሜሴንጀር መጣልኝ። ሊንኩን ከፍቼ ፓስወርድና ኮድ አስገባሁ። ፓስወርዱን ብቀይር ይበቃል?»

መልስ፦ አይበቃም። ሌባው ኮዱን የጠየቀዎት በዚያው ቅጽበት በእርስዎ ስም ለመግባት ነው፤ አሁንም አካውንትዎ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ፓስወርዱን እንደቀየሩ Where you're logged in የሚለውን ከፍተው የማያውቁትን ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ያስወጡ፤ ሌባው አዲስ ኢሜይል ወይም ስልክ ቁጥር አስገብቶ እንደሆነም ይዩ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ገጹን እነማን ማስተዳደር እንደሚችሉ የሚያሳየውን Page access ነው። ሌባው ራሱን በሙሉ ሥልጣን ጨምሮ ከሆነ፣ የእርስዎ ፓስወርድ ቢቀየርም በራሱ አካውንት እየገባ ገጹን ይቆጣጠራል፣ እርስዎንም ሊያስወጣ ይችላል። የማያውቁትን ስም አሁኑኑ ያስወግዱ። ለማስታወቂያ የተያያዘ የባንክ ካርድ ካለም ባንክዎ እንዲያግደው ይንገሩ።

እውነተኛ ማስጠንቀቂያ መሆኑን የሚያዩት ፌስቡክ ስለ ገጽዎ ችግር በሚያሳውቅበት Business Support Home ውስጥ ራስዎ ገብተው ነው፣ በተላከ ሊንክ አይደለም።